መጀመሪያ ዝምታውን ይለኩ፦ ለዓይነ ስውራን ተመልካቾች የፊልም ገለጻ አጻጻፍ

ጥያቄ፦ «የ18 ደቂቃ አጭር ፊልም ሠርቻለሁ። ዓይነ ስውራን እንዲከታተሉት በድምፅ የሚነበብ ገለጻ ጻፍኩለት። በምስሉ ላይ የሚታየውን አንድም ሳላስቀር ነው የጻፍኩት። አንድ ዓይነ ስውር ጓደኛዬ ግን ገና ፊልሙ ሳይጋመስ ደከመኝ አለኝ። ገለጻው ከተዋንያኑ ንግግር ጋርም ይጋጫል። ንባቡን ላፋጥነው ወይስ ፊልሙን በየቦታው ላቁመው? የገጸ ባሕርያቱን ስሜትስ መናገር ይፈቀዳል? እናት የልጇን ፓስፖርት የምታገኝበትን ትዕይንት ከነገለጻው አያይዣለሁ።»

ምላሽ፦

ሁለቱንም አያድርጉ። ንባቡን ቢያፋጥኑት ጓደኛዎ ይብሱን ይደክማል፤ ምክንያቱም በአንድ ጆሮ ሁለት ሥራ እየሠራ ነው። የተዋንያኑን ንግግር፣ የበሩን ድምፅ፣ ሙዚቃውንና የሰዎቹን ትንፋሽ ይሰማል፤ በዚያ ላይ የእርስዎን ገለጻ ይሰማል። ፊልሙን ማቆምም መድኃኒት አይሆንም። በየመሐሉ ማቆም የሚጠቅመው መምህሩ ያለ ፋታ እየተናገረ ሥዕል ወይም ሠንጠረዥ ለሚያሳይበት የትምህርት ቪዲዮ ነው። ልብ ወለድ ፊልም ግን የራሱ ትርታ አለው፤ በየደቂቃው ከቆመ ያ ትርታ ይሞታል።

የችግርዎ ምንጭ የገለጻው ርዝመት ብቻ አይደለም። የተነሡት ዓይነ ስውሩ ተመልካች ባዶ ጨለማ ውስጥ ተቀምጧል፣ ያን ባዶ ቦታ እኔ ልሙላው ከሚል ሐሳብ ይመስለኛል። ተመልካቹ ግን ፊልሙን እየሰማ ነው። ከታሪኩ ትልቁ ክፍል ያለ እርስዎ እርዳታ ይደርሰዋል። ስኒ ሲንቀጫቀጭ ቡና እየቀረበ እንደሆነ ያውቃል፤ ድምፅ ሲርቅ ሰውየው ክፍሉን እንደለቀቀ ያውቃል። «በሩ ይንኳኳል» ብሎ መጻፍ ስለዚህ ትርፍ ነው። የእርስዎ ድርሻ ድምፁ ብቻውን የማይነግረውን መናገር ነው፤ እሱንም ሁሉን ሳይሆን ታሪኩን ለመከተል የሚያስፈልገውን ብቻ።

የጻፉትን ለጊዜው ወደ ጎን ያድርጉትና እንደ አዲስ በሁለት ዝርዝሮች ይጀምሩ። የመጀመሪያውን እርስዎ ሊያዘጋጁት አይችሉም፤ ፊልሙን አብዝተው ያውቁታልና ዓይንዎን ቢጨፍኑም ምስሉ በአእምሮዎ ይመጣል። ፊልሙን ፈጽሞ ያላየ ሰው ያስቀምጡ፣ የኮምፒውተሩን ስክሪን በጨርቅ ይሸፍኑ፣ ታሪኩ በጠፋበት ቁጥር እጁን እንዲያነሣ ይንገሩት። እጁ የተነሣበትን ደቂቃና ሰከንድ ይመዝግቡ። ይህ የፍላጎት ዝርዝር ነው። ሁለተኛው የዝምታ ዝርዝር ነው። ንግግር የሌለበትን እያንዳንዱን ክፍተት መነሻውንና መድረሻውን ጽፈው በሰከንድ ይለኩ። የገለጻ ጽሑፍ የእነዚህ ሁለት ዝርዝሮች ጋብቻ ነው። ከአንዱ ብቻ የተወለደ ገለጻ ወይ ከንግግር ጋር ይጋጫል ወይ የማይጠቅም ወሬ ይሆናል።

ለልኬቱ የእኔን መስፈሪያ ይውሰዱ። በእርጋታ የሚነበብ አማርኛ በሰከንድ ሁለት ቃል ገደማ ነው። ከእንግሊዝኛ መመሪያዎች የሚገኘውን በደቂቃ 160 ቃል የሚል ልክ ወደ አማርኛ አይገልብጡ፤ የእኛ ቃል ብዙ ይሸከማል። «አልከፈተችላቸውም» አንድ ቃል ነው፤ ውስጡ ግን ማን እንዳልከፈተች፣ ምን እንዳላደረገችና ለእነማን እንዳላደረገች አለ። ስለዚህ የቃል ቆጠራው ለመነሻ ብቻ ያገልግልዎት፤ መጨረሻ ላይ የሚፈርደው ሰዓት ይዞ ድምፅን ከፍ አድርጎ ማንበብ ነው። ከንግግር በኋላ ግማሽ ሰከንድ፣ ከሚቀጥለው ንግግር በፊትም ግማሽ ሰከንድ ትንፋሽ ይተዉ። የስድስት ሰከንድ ዝምታ ካለዎት በእጅዎ ያለው አምስት ነው።

አሁን ወደላኩት ትዕይንት እንሂድ። እናት አስቴር ቡና እያፈላች ነው። ልጇ ሄለን ከውጭ ትገባለች። ጥቂት ይነጋገራሉ፤ ሄለን ውሃ ለማምጣት ትወጣለች። አስቴር ከልጇ ቦርሳ ፓስፖርት ታገኛለች፣ አይታ መልሳ ታስቀምጣለች። ሄለን ስትመለስ እናት ቡና ትቀዳለች፤ ቡናው ሞልቶ ይፈሳል። ከዚያ አስቴር «መቼ ነው?» ትላለች። ሄለን አትመልስም።

ይህ ትዕይንት የተንጠለጠለው «መቼ ነው?» በሚለው ንግግር ላይ ነው። ፓስፖርቱን ያላወቀ ተመልካች ይህን ሲሰማ «ምን መቼ?» ይላል፤ የፊልሙ ልብ እዚያው ይሰበርበታል። ምን መግለጽ እንዳለብዎ የሚወስነው ይህ ነው። የሚቀጥለው ንግግር ወይም ድርጊት እንዲገባ ተመልካቹ ምን ማወቅ አለበት? ወደኋላ እየቆጠሩ ይሂዱ። ለ«መቼ ነው?» ፓስፖርቱ ያስፈልጋል። ለፓስፖርቱ ቦርሳው ያስፈልጋል። ቦርሳው የማን እንደሆነና የት እንደተቀመጠ ደግሞ ሄለን ስትገባ መነገር አለበት። የግድግዳው ቀለም፣ የመጋረጃው አበባና የአልጋው ልብስ በዚህ ሰንሰለት ውስጥ የሉም። ጊዜ ከተረፈ ይገባሉ፤ እዚህ ግን አይተርፍም።

ሄለን ውሃ ለማምጣት ከወጣች በኋላ ላለው ለሁለተኛው ዝምታ እርስዎ የጻፉት ይህ ነበር፦

«ካሜራው ወደ እናትየዋ ይጠጋል። እናትየዋ በጣም አዝና እና ተደናግጣ በአልጋው ላይ የተቀመጠውን ቡናማ ቀለም ያለውን የሄለንን የእጅ ቦርሳ ትመለከትና በውስጡ ያለውን ፓስፖርት ካየች በኋላ ልጇ ልትከዳት እንደሆነ ትረዳለች።»

28 ቃል ነው፤ 14 ሰከንድ ይፈልጋል። ዝምታው 11 ሰከንድ ነው። ገለጻው ከሄለን ንግግር ጋር የተጋጨው ለዚህ ነው። ግን 28ቱን ወደ 20 ቢቀንሱትም ዓረፍተ ነገሩ አይድንም። አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ስለሚያስቀምጥ አድማጩ አልጋውን፣ ቀለሙን፣ ቦርሳውንና ፓስፖርቱን በትከሻው ተሸክሞ ምን ሊሆን ነው እያለ ይጠብቃል። «ትረዳለች» ሲደርስለት ሄለን ተመልሳ ገብታለች። በመጽሐፍ ላይ የሚያምር ረጅም ዓረፍተ ነገር ለጆሮ ዕዳ ነው። ለገለጻ አንድ ዓረፍተ ነገር አንድ ድርጊት ይበቃዋል፤ «የተቀመጠውን፣ ያለውን፣ የነበረውን» እያሉ የሚደረደሩትን ቅጽሎች ይቁረጧቸው።

እኔ ትዕይንቱን እንዲህ እጽፈዋለሁ። በግራ ያለው ፊልሙ ላይ የሚነበበው ሰዓት ነው፤ በቅንፍ ያለው ደግሞ አንባቢው መጀመር ያለበትን ቦታ የሚያሳይ ምልክት ነው።

06:10–06:16 (በሩ ሲከፈት)
አስቴር ቡና ታፈላለች። ሄለን ገብታ ቦርሳዋን አልጋው ላይ ትጥላለች።

06:31–06:42 («ውሃ ላምጣ» ካለችና በሩ ከተዘጋ በኋላ)
ከቦርሳው የፓስፖርት ጫፍ ብቅ ብሏል። አስቴር በሩን ታያለች። ፓስፖርቱን መዝዛ ትገልጣለች። የሄለን ፎቶ። መልሳ ትከተዋለች።

06:50–06:54 (ቡናው መቀዳት ሲጀምር)
ቡናው ሞልቶ ረከቦቱ ላይ ይፈሳል።

06:56–07:03 (ከ«መቼ ነው?» በኋላ ሁለት ሰከንድ ቆይቶ)
ሄለን አንገቷን ትደፋለች።

የሁለተኛውን ዝምታ ገለጻ ይቁጠሩት፤ 15 ቃል ነው። ሰባት ሰከንድ ተኩል ይፈጃል፤ ከ11ዱ ሦስት ሰከንድ ተኩል ይተርፋል። የተረፈውን አይሙሉት። «የሄለን ፎቶ» ከተባለ በኋላ እናት ፎቶውን የምታይበት ጊዜ አለ፤ ተመልካቹም ከእርሷ ጋር ማየት ይገባዋል። «የሄለን ፎቶ» ግሥ እንደሌለው ያስተውሉ። ለዓይን በድንገት የሚቀርብ ነገር ለጆሮም እንዲሁ ያለ ግሥ ሲቀርብ ከምስሉ ፍጥነት ጋር ይሄዳል። «አስቴር በሩን ታያለች» ደግሞ ሦስት ቃል ናት፤ እናት ተደብቃ እያየች እንደሆነ ግን ሙሉ በሙሉ ትናገራለች።

በመጨረሻው ዝምታ ላይ ሰባት ሰከንድ እያለኝ የጻፍኩት ሦስት ቃል ብቻ ነው። እርስዎ እዚያ ቦታ ላይ ስለ እንባ፣ ስለ መስኮት ብርሃንና ስለ ጭሱ ጽፈው ነበር። ዝምታ ሁሉ ባዶ ወንበር አይደለም። «መቼ ነው?» ከተባለ በኋላ ያለው ዝምታ የሄለን መልስ ነው። ሁለቱን ሰከንድ የምንጠብቀው የሚያይ ተመልካች የሚጠብቀውን ያህል ዓይነ ስውሩም እንዲጠብቅ ነው። ከዚያ አንገቷን መድፋቷ ይነገራል፤ የቀረው የፊልሙ ነው።

አማርኛ ከሌሎች ቋንቋዎች የተለየ ችግርም የተለየ ሀብትም ይሰጠናል። ችግሩን ላስቀድም። ግሣችን ጾታ ስለሚናገር ክፍሉ ውስጥ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ካሉ ስም ሳይጠሩ «ትነሣለች፣ ይከተላታል» ማለት ይበቃል። በእርስዎ ትዕይንት ግን ሁለቱም ሴቶች ናቸው። «ታያታለች» ቢሉ ማን ማንን? ስለዚህ የድርጊቱ ባለቤት በተቀየረ ቁጥር ስሟን ይጥሩ። ተመልካቹ ስሙን ገና ካልሰማ ገለጻው ቀድሞ ሊነግረው ይችላል፤ ፊልሙ ማንነቷን ሆን ብሎ የሚደብቅ ከሆነ ግን «ሻርፕ የለበሰችው ሴት» በሚል መለያ ይዘልቁና ምስጢሩ ሲገለጥ ስሙን ይስጡ።

ከዚህ የሚከብደው አክብሮት ነው። አስቴር ትልቅ ሴት ናትና «ቡና ያፈላሉ» ለማለት ይከጅልዎት ይሆናል። ቢሉ ግን ግሡ ጾታንም ቁጥርንም ይጥላል። አድማጩ እናትና ልጅ አብረው እያፈሉ ይመስለዋል። የኔ ምክር ታሪኩ ውስጥ ደጋግመው ለሚመጡ ዋና ገጸ ባሕርያት፣ ዕድሜያቸው ምንም ይሁን ምን፣ ልብ ወለድ ደራሲዎች ብዙ ጊዜ እንደሚያደርጉት «ታፈላለች» ማለት ነው። አንድ ቄስ ወይም የሰፈር ሽማግሌ ለአንድ ትዕይንት ሲመጡና «ይገባል» ማለት ጆሮ የሚቆረቁር ሲሆን «ይገባሉ» ይበሉ፤ በዚያ ጊዜ ግን በእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር መጠሪያቸውን ይድገሙ። ከሁሉ የከፋው መቀላቀል ነው። በ3ኛው ደቂቃ «ትነሣለች» የተባለችው ሴት በ9ኛው ደቂቃ «ይነሣሉ» ከተባለች አድማጩ አዲስ ሰው ፍለጋ ይገባል።

ጊዜውን በተመለከተ «ትከፍታለች» ይበሉ እንጂ «ከፈተች» አይበሉ። «ከፈተች» ያለፈን ነገር ከሚተርክ ሰው አፍ የወጣ ይመስላል፤ ተመልካቹን ከክፍሉ ያስወጣዋል። «እየከፈተች ነው» ደግሞ ቃል ያበዛል፤ ድርጊቱ ረዘም ላለ ጊዜ ሲቀጥል ብቻ ይጠቀሙበት። «ተቀምጣለች፣ ለብሳለች፣ ብቅ ብሏል» የሚለው ስንደርስ ቀድሞ ያለን ሁኔታ ለመግለጽ ነው። የእግር ኳስ ጨዋታ በሬዲዮ ተከታትለው ካደጉ ይህ ሥርዓት ጆሮዎ ውስጥ አለ። ኳሷን «ያቀብላል፣ ይመልሳል፣ ይመታል» ሲባል ወደፊት እንደሚሆን አድርጎ የሚሰማ የለም።

ሀብታችን ደግሞ «አለ» ከሚለው ግሥ ጋር የሚጣመሩት አጫጭር ቃላት ናቸው። ብድግ ትላለች፣ ዘወር ይላል፣ ጎንበስ ብሎ፣ ፈገግ ትላለች፣ ክው ይላል። ግሥ መጨረሻ ላይ የመምጣቱን ችግር እነዚህ ያቃልሉታል፤ ምስሉ የሚደርሰው በመጀመሪያው ቃል ነውና። «ፈገግ» ሲባል አድማጩ አይቷል፤ «ትላለች» የሚጨምርለት ማን እንደሆነች ብቻ ነው። «ከተቀመጠችበት ቦታ በፍጥነት ትነሣለች» የሚሉ አራት ቃላት «ብድግ ትላለች» በሚሉ ሁለት ቃላት ይተካሉ፤ የሚጎድል የለም።

ስለ ስሜት ጠይቀዋል። «ያየኸውን ብቻ ተናገር» የሚለው ሕግ የመጣው ሙያው ከተጀመረበት ከቲያትር አዳራሽ ነው። በ1981 በዋሽንግተን ከተማ ማርጋሬት ሮክዌል የምትባል ዓይነ ስውር ሴትና በኋላ ባለቤቷ የሆነው ኮዲ ፋንስቲል አሬና ስቴጅ በሚባለው ቲያትር ቤት በጆሮ ማዳመጫ የሚደርስ ገለጻ ሲያስጀምሩ ገላጩ ታማኝ ዓይን እንዲሆን እንጂ ተንታኝ እንዳይሆን ፈልገው ነበር። ሐሳቡ እስከ ዛሬ ይሠራል። «ልጇ ልትከዳት እንደሆነ ትረዳለች» የሚለው የእርስዎ ዓረፍተ ነገር ይህን ይጥሳል። አስቴር ይህን ማሰቧን በምን አወቁ? ፊልሙ ፓስፖርቱንና የእጇን ሁኔታ አሳየ እንጂ ክህደት የሚል ቃል አላሳየም። ምናልባት የፈራችው ክህደትን ሳይሆን ልጇ ባሕር ማዶ የሚደርስባትን ይሆናል። የሚያይ ተመልካች ይህን ራሱ የማሰብ መብት አለው፤ ዓይነ ስውሩም ያው መብት አለው።

ሕጉን እስከ ግትርነት መግፋት ግን አያስፈልግም። «የአፏ ጠርዞች ወደ ላይ ይሳባሉ» ብሎ ፈገግታን መግለጽ ታማኝነት አይደለም፣ አድማጭን ማድከም ነው። አማርኛ ከሚታይ ምልክት የተሠሩ አባባሎች ሞልተውታል፦ ግንባሩን ይቋጥራል፣ ከንፈሯን ትነክሳለች፣ ዓይኑን ያፈጣል፣ አንገቷን ትደፋለች፣ ትከሻውን ይሰብቃል። አካሉንም ስሜቱንም አንድ ላይ ይዘው ይመጣሉ፤ ፍርዱን ግን ለአድማጩ ይተዋሉ። «ታዝናለች» ለመጻፍ እጅዎ ሲሄድ መጀመሪያ ምን አይቼ ነው ይህን ያልኩት ብለው ይጠይቁ፤ ያዩትን ይጻፉት።

አንድ ምሳሌ ልጨምር፤ ለእኛ አገር ፊልም በተለይ የሚጠቅም ስለሆነ ነው። አንዲት ሴት ነጠላዋን ጥለቱን ወደ ላይ አዙራ ለብሳ ወደ ግቢ ትገባለች። ማየት የሚችለው ተመልካች ለቅሶ መኖሩን በአንድ ዐይታ ያውቃል። «ሐዘንተኛ ሴት ትገባለች» ካሉ ምልክቱን ነጥቀው ትርጉሙን ብቻ ሰጡ። «ነጠላዋን ጥለቱን ወደ ላይ አዙራለች» ካሉ ግን ምልክቱን ሰጡ፤ የባህሉ ሰው የሆነ ተመልካች፣ ዓይነ ስውርም ቢሆን፣ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ፊልሙ ውጭ አገር ላደጉ የኢትዮጵያውያን ልጆችም የሚታይ ከሆነና ሰከንድ ከተረፈ «የሐዘን አለባበስ» የሚል ሁለት ቃል ማከል ነውር የለውም።

ቀለም አይፍሩ። ዓይነ ስውራን ሁሉ ከልደት ጀምሮ ያላዩ አይደሉም፤ ብዙዎች ያዩ ነበር፣ ጥቂት የሚያዩም አሉ። ከልደት ጀምሮ ላላየውም ጥቁር ልብስ ምን እንደሚነግር ማኅበረሰቡ አስተምሮታል። የቦርሳው ቡናማነት የተሠረዘው ቀለም ስለሆነ ሳይሆን ለታሪኩ ስለማይሠራ ነው። «ካሜራው ይጠጋል» የሚለውን ግን ከጽሑፉ ሁሉ ያውጡት፤ ካሜራው የተጠጋው ፓስፖርቱን ለማሳየት ከሆነ ፓስፖርቱን ይናገሩ። በስክሪን ላይ የሚነበብ ጽሑፍ ካለ፣ ደብዳቤም ይሁን የስልክ መልእክት፣ መነበቡ ግዴታ ነው። በሌላ ቋንቋ ተነግሮ በአማርኛ የተተረጎመ የግርጌ ጽሑፍ ካለዎት ደግሞ ከገላጩ የተለየ ድምፅ ቢያነበው አድማጩ አይደናገርም።

ሰዓት አጠባበቅን በተመለከተ ራሴ የሠራሁትን ስሕተት ልንገርዎት። አንድ ትዕይንት ላይ ወጣቱ ከኋላው የደበቀውን አውጥቶ ድንገት ያፈነዳል፤ ለልደት የመጣ ፊኛ ነው። ክፍተቱ ከፍንዳታው በፊት ስለነበር ፊኛውን አስቀድሜ ገለጽኩት። በአዳራሹ የሚያዩት ሁሉ ደንግጠው ከዚያ ሲስቁ ዓይነ ስውራኑ ዝም ብለው ተቀምጠው ነበር፤ ድንጋጤያቸውን ወስጄባቸው ነበር። ከዚያ ወዲህ ምስጢርንና ድንጋጤን በተመለከተ ደንቤ አንድ ነው፦ የሚያየው ተመልካች ከሚያውቅበት ቅጽበት በፊት አልናገርም። ዘግይቶ መናገር ከመቅደም ይሻላል። ድምፁ አሻሚ ሲሆን፣ ማለትም ፊኛ ይሁን ጥይት የማይታወቅ ሲሆን፣ ወዲያው ከድምፁ በኋላ ምን እንደሆነ ይነገራል።

ይህ ሁሉ ሆኖ የማይፈታ ትዕይንት ይኖርዎታል። በ18 ደቂቃ ውስጥ ሦስት ሰዎች እየተጨቃጨቁ ያለ ፋታ የሚናገሩበት፣ ከጀርባቸው ደግሞ አንድ ሕፃን አንድ ነገር የሚያደርግበት ቦታ ካለ ገለጻው አይገባም። እንዲህ ባለ ጊዜ ቅድሚያ የሚሰጠው ለንግግሩ ነው። ንግግር ላይ መናገር ካስፈለገ ሰላምታ ወይም ድግግሞሽ የሆነውን ይምረጡ፤ ታሪኩን የሚሸከመውን አይንኩ። የቀረውን ከፊልሙ በፊት በሚነበብ መግቢያ ማስታገስ ይቻላል። ሁለት ወይም ሦስት ደቂቃ ወስደው ክፍሉን፣ የሰዎቹን ዕድሜና ቁመና፣ አለባበሳቸውንና ስማቸውን አስቀድመው ይናገራሉ፤ ምስጢሩን ግን አይነኩም። የአስቴር ክፍል ጠባብ መሆኑ፣ አልጋውና ረከቦቱ ጎን ለጎን መሆናቸው እዚያ ከተነገረ በትዕይንቱ ውስጥ አንድም ሰከንድ አይበላም።

ለአንባቢው የሚሰጡት ጽሑፍ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ፊደላችን ማጥበቅንና ማላላትን አይጽፍም። «ይመታል» ላልቶ ሲነበብ እርሱ መቺው ነው፤ «መ» እና «ታ» ጠብቀው ሲነበቡ ተመቺው ነው። አንባቢው ምስሉን ሳያይ ወረቀት ላይ ብቻ ካነበበ የጠቡን አሸናፊ ሊቀይረው ይችላል። እንዲህ ያለውን ቃል በቀለም ያስምሩ፤ የሚጠብቀው ፊደል ላይ ሁለት ነጥብ ያኑሩ፤ ወይም «ጡጫው ያርፍበታል» ብለው ሌላ መንገድ ይፈልጉ። አንባቢው ከተዋንያኑ አንዱ አይሁን፤ ድምፁ ከገጸ ባሕርይ ጋር ይምታታልና። እንደ ዜና አንባቢ ደረቅ፣ እንደ ተራኪም ስሜተኛ እንዳይሆን ይምከሩት። ድምፅ ሲቀላቀል ገለጻው በሚነበብበት ጊዜ የፊልሙ ድምፅ ቀስ ብሎ ዝቅ ይበል እንጂ አይጥፋ።

እንዲያደርጉ የምመክርዎ ይህን ነው። የቀድሞውን ጽሑፍ አያርሙት፤ ይተዉት። ከሁለቱ ዝርዝሮች ተነሥተው እንደ አዲስ ይጻፉ። ለ18 ደቂቃ ፊልም የሁለት ወይም የሦስት ቀን ሥራ ነው፤ ከዚህ ቢፈጥን ዝምታዎቹን በሚገባ አልለኩም ማለት ነው። ከዚያ በስልክዎም ቢሆን ራስዎ አንብበው ይቅረጹትና ከቋሚ ቀረጻው በፊት ለሁለት ዓይነ ስውራን ያሰሙ፤ አንዱ ከልደት ጀምሮ የማያይ፣ ሌላው በኋላ ዓይኑን ያጣ ቢሆን ይመረጣል። ጓደኛዎ አንዱ ሊሆን ይችላል፤ ግን ፊልሙን አንድ ጊዜ ስለሰማው ብቻውን አይበቃም። ለድካማቸውም እንደ ማንኛውም የፊልሙ ባለሙያ ይክፈሏቸው።

«ወደዳችሁት?» ብለው አይጠይቁ፤ በይሉኝታ አዎን ይሉዎታል። ታሪኩን እንዲነግሩዎ ይጠይቁ፤ እየተናገሩ ሳሉ አያርሟቸው፣ የጎደለውንና የተጣመመውን ብቻ ይጻፉ። በአስቴር ትዕይንት ላይ ድምፁን «መቼ ነው?» በተባለበት ቦታ ያቁሙና ምን እየጠየቀች እንደሆነ ይጠይቋቸው። ጉዞውን ካሉ ትዕይንቱ ደርሷል፤ አይንኩት። «ምን መቼ?» ካሉ ደግሞ ወደ ሁለተኛው ዝምታ ተመልሰው እነዚያን 11 ሰከንዶች እንደገና ይጻፏቸው።